የእርጥብ ትምባሆ ሕመም፦ በጤዛ በኩል የሚገባ መርዝ

ሲጋራ አፉ ውስጥ ከትቶ የማያውቅ ሰው በኒኮቲን ሊመረዝ ይችላል። መርዙ የሚገባው በጢስ ሳይሆን በቆዳው በኩል ነው። ይህ ሕመም በተደጋጋሚ የሚያጠቃው አረንጓዴ የትምባሆ ቅጠል በእጃቸው የሚለቅሙ ሠራተኞችን ነው። በተለይ የሚበረታው ቅጠሉ በጤዛ ወይም በዝናብ ረጥቦ ሳለ የነኩት ሰዎች ላይ ሲሆን፣ ሐኪሞች የአረንጓዴ ትምባሆ ሕመም ይሉታል። በሕክምና ጽሑፍ ላይ መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1970 በፍሎሪዳ ነው። ከዚያ ወዲህ በሰሜን ካሮላይና፣ በኬንታኪ፣ በሕንድ፣ በብራዚልና በሌሎችም አገሮች ተመዝግቧል።

ነገሩን በቅርብ ለማየት የሰሜን ካሮላይናን ማሳ እንውሰድ። በዚያ የሚመረተው የትምባሆ ዓይነት ቅጠሉ የሚደርሰው ከሥር ወደ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ተክል በአንድ ቀን ተለቅሞ አያልቅም፤ በወቅቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመለሱበታል። ለቃሚው ጎንበስ ብሎ ከግንዱ በታች ያሉትን ሁለት ሦስት የደረሱ ቅጠሎች በአንድ እጁ ቀንጥሶ በሌላው ክንዱ ሥር ይወሽቃቸዋል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ተክል ያልፋል። ብብቱና እቅፉ እስኪሞላ እንዲህ ሲሄድ ይቆይና ቅጠሉን ተጎታች ላይ ጥሎ ይመለሳል። ቅጠሉ ትልቅ ነው። በላዩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች የሚያወጡት ሙጫ እጅ ላይ ይጣበቅና ጥቁር ቅባት የመሰለ ነገር ይሆናል። ያ ሙጫ በውኃ ብቻ አይለቅም።

ለቀማው ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይካሄዳል። ወቅቱ ሞቃትና ወበቃማ ስለሆነ ሥራው በማለዳ መጀመሩ ተፈጥሯዊ ነው። ችግሩ ማለዳ ላይ ቅጠሉ በጤዛ የራሰ መሆኑ ነው። በሁለት ረድፍ መካከል የሚሄድ ሰው ከትከሻው እስከ ጉልበቱ በግራም በቀኝም በእርጥብ ቅጠል ይታበሳል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሸሚዙና ሱሪው ቆዳው ላይ ይለጠፋሉ።

በልብሱ ላይ ያለው ውኃ ደግሞ ተራ ውኃ አይደለም። ኒኮቲን በውኃ በቀላሉ የሚሟሟ ነገር ስለሆነ ቅጠሉ ላይ ያደረው ጤዛ ከላዩ ኒኮቲን ይሰበስባል። ብዙ ጊዜ በሕክምና ጽሑፎች የሚጠቀሰው ስሌት እንዲህ ይላል፦ 100 ሚሊ ሊትር የትምባሆ ጤዛ ውስጥ እስከ 9 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ሊኖር ይችላል፤ እርጥበት በበዛበት ቀን አንድ ለቃሚ በልብሱና በገላው ላይ እስከ 600 ሚሊ ሊትር የሚደርስ ውኃ ሊሸከም ይችላል። ይህም 54 ሚሊ ግራም ይሆናል። አጫሽ ከአንድ ሲጋራ ወደ ደሙ የሚያስገባው ኒኮቲን አንድ ሚሊ ግራም ገደማ ነው። እርግጥ ልብስ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ደም አይገባም። ቢሆንም ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ብቻ እንኳ ቢያልፍ፣ ሰውነቱ ኒኮቲን ለማያውቅ ሰው ከበቂ በላይ ነው።

ቆዳ ብዙ ነገር ወደ ውስጥ አያሳልፍም፤ ኒኮቲንን ግን ያሳልፋል። ምክንያቱም ኒኮቲን ትንሽ ሞለኪውል ነው፣ በውኃም በስብም ይሟሟል። ሲጋራ ለማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ክንዳቸው ላይ የሚለጥፉት የኒኮቲን ፕላስተር የሚሠራው በዚሁ ባሕርይ ነው። ከእነዚህ ፕላስተሮች ጠንካራው 21 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ የተሠራው ለከባድ አጫሽ፣ ቀኑን ሙሉ በዝግታ እንዲያደርስ ነው። በትምባሆ ጤዛ የራሰ ሸሚዝም በጎን፣ በጀርባና በብብት ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ነው፤ ልዩነቱ መጠኑን የሚወስን ሰው የሌለው መሆኑ ነው። ሙቀቱም ያግዘዋል፤ ሰው ሲሞቀው ደሙ ወደ ቆዳው ይቀርባል፣ ላቡም የደረቀውን ሙጫ መልሶ ያሟሟዋል። የተላጠ ወይም የተቧጨረ ቆዳ ካለ ደግሞ መንገዱ ይበልጥ ይከፈታል።

ትምባሆ መርዝ መሆኑን የእኛ አርብቶ አደሮችና ገበሬዎች ከጥንት ያውቃሉ። ከብት ውኃ ሲጠጣ አልቅት አፍንጫው ወይም ጉሮሮው ውስጥ ከተጣበቀ፣ የትምባሆ ቅጠል በውኃ በጥብጠው በአፍንጫው ያፈሱለታል፤ አልቅቱም ይለቃል። ከትምባሆ የወጣ ኒኮቲን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነፍሳትን ለመግደል በስፋት ይረጭ ነበር። ተክሉም ቢሆን ኒኮቲን የሚያመርተው ቅጠሉን የሚበሉትን ነፍሳት ለመከላከል ነው። ስለዚህ የለቃሚው መታመም የሚያስገርም ነገር አይደለም። የሚያሳዝነው ሕመሙ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚያልፍበት ጊዜ መብዛቱ ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ሕመሙ ማሳው ላይ አለመታየቱ ነው። ለምሳሌ አንድ የ17 ዓመት ልጅ እናስብ። ሲጋራ አጭሶ አያውቅም፣ ትምባሆ ሲለቅምም የመጀመሪያ ሳምንቱ ነው። ሌሊት ዘንቧል፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ይጀምራል። አንድ ሰዓት ሳይሆን ሸሚዙ ርሷል። አራት ሰዓት ላይ ቅጠሉ ይደርቃል፤ እርሱ ግን ያንኑ ሸሚዝ እንደለበሰ ነው፣ አሁን ደግሞ ላብ ተጨምሮበታል። ምሳውን እጁን ሳይታጠብ ይበላል። እስከዚህ ድረስ ደኅና ነው። ምናልባት ትንሽ ራሱን ያዞረዋል፣ እርሱም ፀሐዩ ነው ብሎ ያልፈዋል። አሥር ሰዓት ላይ ወደ ሠራተኞቹ ማደሪያ ይመለሳል። ደክሞታልና ገላውን ሳይታጠብ ልብሱን እንደለበሰ አልጋው ላይ ጋደም ይላል። የእራት ሽታ ሲመጣ ያቅለሸልሸዋል። ምራቁ አፉን ይሞላዋል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ያስመልሰዋል፣ ሆዱ ባዶ ከሆነ በኋላም አያቆምም። ፊቱ ይገረጣል፣ ያልበዋል፣ ወዲያው ደግሞ ብርድ ብርድ ይለዋል። ሲነሣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ራሱን ያመዋል፤ ቢተኛም እንቅልፍ አይወስደውም።

ማሳውን ትቶ ከሄደ ሰዓታት ቢያልፉም የሚታመመው ቆዳው ኒኮቲኑን ይዞ ስለሚቆይ ነው። በሲጋራ የገባ ኒኮቲን በሴኮንዶች አንጎል ይደርሳል፣ ቶሎም ይቀንሳል። በቆዳ የገባው ግን በዝግታ ይንጠባጠባል፤ ገላው እስካልታጠበና ልብሱ እስካልተቀየረ ድረስም አይቋረጥም። ምልክቶቹ የሚጀምሩት ቅጠሉን ከነኩ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 17 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ሊቆዩ ይችላሉ። ኒኮቲን በነርቮች መገናኛ ላይ መጀመሪያ ይቀሰቅሳል፣ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ያዳክማል። የደም ግፊትና የልብ ምት ከፍ ብለው ቆይተው የሚወርዱት በዚህ ምክንያት ነው።

አብዛኛው ሰው ያለ ሕክምና ይድናል። ሆኖም ቀላል ነው ብሎ መተው ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በኬንታኪ ግዛት ደቡባዊ መካከለኛ ክፍል ትምባሆ የሚያጭዱ ሰዎች በተደጋጋሚ ወደ ድንገተኛ ክፍሎች መምጣታቸው የጤና ባለሙያዎችን ትኩረት ስቦ ምርመራ ተደረገ። በሁለት ወር ውስጥ 47 ሰዎች በዚህ ሕመም መታከማቸው ታወቀ። ከእነርሱ 12ቱ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ሁለቱ ደግሞ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ገብተዋል። ይህ ቁጥር ሐኪም ቤት የደረሱትን ብቻ የሚያሳይ ነው። በሰሜን ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1999 የለቀማ ወቅት ተመራማሪዎች ማሳው ድረስ ሄደው 182 ሠራተኞችን ተከታትለው ነበር። ከአራቱ አንዱ ገደማ በዚያ ወቅት ቢያንስ አንድ ጊዜ በዚህ ሕመም ተይዞ እንደነበር አገኙ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የማይደርሱ ናቸው። ቀን ካለፋቸው ክፍያ የለም፣ ቋንቋውን አያውቁም፣ መኪናም የላቸውም።

ሐኪም ዘንድ የደረሰውም ቢሆን በትክክል ይታወቅለታል ማለት አይደለም። በሐምሌ ሙቀት እያስመለሰውና እያላበው የመጣ የእርሻ ሠራተኛ ሲታይ ቀድሞ ወደ ሐሳብ የሚመጣው የፀሐይ ምታት ወይም የፀረ-ተባይ ኬሚካል መመረዝ ነው። ምልክቶቹ በእርግጥም ይቀራረባሉ። በሙቀት የተጎዳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ሥራው ላይ፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰዓት ሲሆን፣ ጥላ ሥር ሲያርፍና ሲጠጣ ይሻለዋል። የትምባሆው ሕመም ግን ሰውየው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አርፎ ሳለ ሌሊት ሊብስበት ይችላል። ከኬሚካል ለመለየት ይከብዳል። በአንዳንድ ጠንካራ ፀረ-ተባዮች የተመረዘ ሰው የዓይኑ ብሌን በጣም ይጠባል፣ ዓይኑ ያነባል፣ የትንፋሽ ቧንቧው በአክታ ይሞላል። በእነዚያ ኬሚካሎች ኮሊንኢስተሬዝ የሚባለው የደም ኢንዛይም ይቀንሳል፤ በኒኮቲን ግን አይነካም። በሌላ በኩል ኮቲኒን የሚባለው የኒኮቲን ተረፈ ምርት በሽንት ወይም በምራቅ ውስጥ ለቀናት ይገኛል፤ በማያጨስ ሰው ላይ ከታየ ነገሩን ያረጋግጣል። ግን ሁለቱም ምርመራዎች በገጠር ሐኪም ቤት ወዲያው ውጤት አይሰጡም። ስለዚህ ሐኪሙን ቶሎ የሚረዳው የሁለት ጥያቄ መልስ ነው፦ ትናንትና ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ? ልብስህስ ርሶ ነበር?

ለዚህ ሕመም የተለየ ማርከሻ የለም። ሥራውን ማቆም፣ ልብስን አውልቆ መላ ገላን በሳሙናና በውኃ መታጠብ፣ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ መጠጣትና ማረፍ ለአብዛኛው ይበቃል። ማስመለሱ ካልቆመ በደም ሥር ፈሳሽና የማስታወክ መከላከያ መድኃኒት ይሰጣል። የልብ ምቱ በጣም የዘገየ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ሆስፒታል ሆኖ መታየት አለበት። ሕመምተኛውን ሳያጥቡ መድኃኒት መስጠት ብዙ አይጠቅምም፤ መርዙ ገና ከቆዳው እየገባ ነውና። በማግስቱ ጠዋት በዚያው ባልታጠበ ሸሚዝ ወደ ማሳ መመለስ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

የሚያጨሱ ሠራተኞች ከማያጨሱት ያነሰ የሚታመሙ መሆናቸው በጥናት ታይቷል። ምክንያቱ ሰውነታቸው ኒኮቲንን መልመዱ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሕመሙን ለመከላከል ማጨስ የሚጀምር ሰው ግን የአንድ ሌሊት ሕመምን ዕድሜ ልክ ከሚከተል ጉዳት ጋር ይለውጣል። በጉዞ ላይ እንዳያስመልስ የሚወሰዱ ክኒኖችን ጠዋት ውጠው የሚወጡም አሉ፤ እነዚህ ማቅለሽለሹን ቢያስታግሱ እንኳ ኒኮቲኑ እንዳይገባ አያደርጉም።

እንግዲህ መከላከያው የሚጀምረው ከውኃው ነው። እርጥብ ቅጠል እስኪደርቅ መጠበቅ ከሁሉ ይበልጣል። ጤዛው እስኪጠፋ፣ ከዝናብ በኋላም ቅጠሉ እስኪደርቅ ድረስ ሌላ ሥራ መሥራት ይቻላል። መጠበቅ ካልተቻለ ደግሞ ውኃ የማያስገባ ልብስ፣ ጓንትና ቦት ጫማ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ሸሚዝ ደረቅ ቅጠልን ይከላከላል፣ ሲርስ ግን የከለከለውን ያህል መርዝ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ሸሚዙ የራሰበት ሰው መቀየር አለበት። ለዚህም አንድ ተለዋጭ ሸሚዝና ሱሪ በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ማሳ ይዞ መሄድ ጥሩ ልማድ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ደኅንነት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ምክርም በአብዛኛው ይህንኑ የሚል ነው።

መታጠብን ብዙዎች የንጽሕና ጉዳይ አድርገው ስለሚያዩት ይንቁታል። በትምባሆ ለቃሚዎች እጅ ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ግን በሳሙናና በውኃ መታጠብ እጅ ላይ ያለውን ኒኮቲን 96 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ምሳ ላይ አንድ ጊዜ፣ ሥራ ሲያበቃ ደግሞ እዚያው ማሳው ዳር መታጠብ ያስፈልጋል። ለዚህ አንድ በርሜል ውኃና ሳሙና ማቅረብ ለባለ እርሻ ትንሽ ወጪ ነው። የሥራ ልብስ ደግሞ ለብቻው መታጠብ አለበት፤ አለበለዚያ ሙጫው በማግስቱ በላብ ይሟሟል።

የዝናብ ልብስ የራሱ ችግር አለበት፣ ይህን መደበቅ አይገባም። በ35 ዲግሪ ሙቀትና ወበቅ ፕላስቲክ ለብሶ ማጎንበስ ሰውን በሙቀት ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ልብሱ የሚያገለግለው ጠዋት ቅጠሉ እርጥብ ሳለ ነው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ወልቆ በደረቅ ልብስ ይተካል። ሥራው በዚህ መልክ ካልተደራጀ ሠራተኛው ወይ በኒኮቲን ወይ በሙቀት ይጎዳል። ተገቢ የዝናብ ልብስ ያላገኙ ለቃሚዎች ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ለራስና ለክንድ ማስገቢያ ቀድደው ይለብሳሉ። ከረጢቱ ደረትና ጀርባን ይሸፍናል፣ ክንዱንና እጁን ግን ለቅጠሉ አጋልጦ ይተዋል፤ ሳይቆይም ይቀደዳል።

እንዲህ ያለ ከረጢት ለብሰው ከሚሠሩት መካከል ልጆችም ነበሩ። ሂውማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ዘገባ በሰሜን ካሮላይና፣ በኬንታኪ፣ በቴነሲና በቨርጂኒያ ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 141 የትምባሆ እርሻ ሕፃናት ሠራተኞችን አነጋግሯል። ሦስት አራተኛ ያህሉ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ራስ ምታት፣ ራስ ማዞርና ሌሎች ሕመሞች እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ልጅ ገላው ትንሽ በመሆኑ ያው መጠን እርሱ ላይ ይከብዳል፣ ኒኮቲንም አይለምደውም። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አንድ ልጅ ሲጋራ መግዛት የሚችለው 21 ዓመት ሲሞላው ነው። ትምባሆ ማሳ ላይ ተቀጥሮ ለመሥራት ግን በወላጅ ፈቃድና ከትምህርት ሰዓት ውጭ ከሆነ 12 ዓመት ይበቃዋል። እኔ በበኩሌ ይህ ሕግ ትክክል ነው ብዬ የምቀበልበት ምንም ምክንያት አላገኘሁም። ከዘገባው በኋላ አንዳንድ ትልልቅ የሲጋራ ኩባንያዎች ከ16 ዓመት በታች ልጆችን ከሚቀጥሩ እርሻዎች ላለመግዛት ቃል ገብተዋል። ሕጉ ግን አልተለወጠም።

ከዚህ በላይ የተዘረዘረውን ሁሉ ብናየው፣ አብዛኛው በሠራተኛው እጅ ያለ አይደለም። ሥራው ስንት ሰዓት እንደሚጀምር የሚወስነው ባለ እርሻው ወይም ተቆጣጣሪው ነው። ሠራተኛ ጤዛው እስኪደርቅ ቢጠብቅ የጠበቀበት ሰዓት ካልተከፈለው፣ ወይም ደመወዙ በለቀመው ልክ ከሆነ፣ ምክሩን ሰምቶም ወደ እርጥቡ ማሳ ይገባል። ስለዚህ ለለቃሚው ስለ ጓንት ማስተማር ብቻውን አይበቃም። የመጠበቂያውን ሰዓት መክፈል፣ ውኃና ሳሙና ማቅረብና የዝናብ ልብስ ማደል የአሠሪው ግዴታ መሆን ይገባዋል።

በአገራችንም ትምባሆ ይመረታል፤ በብላቴ ሸለቆና በሸዋ ሮቢት እርሻዎች ነበሩት፣ በገጠር ጓሮዎችም ለጋያ የሚሆን ይተከላል። ቅጠሉ ያው ቅጠል፣ ጤዛውም ያው ጤዛ ነው። በእርጥብ ትምባሆ መካከል ውለው ማታ ያስመለሰዎት፣ ራስዎን ያዞረዎትና እንቅልፍ የነሳዎት እንደሆነ በመጀመሪያ ልብስዎን አውልቀው መላ ገላዎን በሳሙና ይታጠቡ። ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ልብዎ ከዘገየ ወይም ማስመለሱ ካልቆመ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እዚያም ሳይጠይቁዎት አስቀድመው ይናገሩ፦ «እርጥብ ትምባሆ ስለቅም ነው የዋልኩት፤ ልብሴም ርሶ ነበር።»